ከቸርኬ ጋር የተጣበቀን ከመነዳሪ የሌለው ጎማ በእጅ መሣሪያ የማላቀቅ አሠራር

በአርሲ ዞን በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ በምትገኘው በሁሩታ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የስንዴ አምራች ቀበሌዎች፣ ክረምቱን በግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ ፒክአፕ ወይም ተጎታች ጋሪ የመኸር ምርት ሲደርስ ለሥራ ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ከጎማዎቹ አንዱ አየር ጨርሶ ተኝቶ ሊያገኘው ይችላል። ጎማውን አውርዶ ለመጠገን ሲሞከር ደግሞ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋር እንደ ሙጫ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ጎማ መፍቻ ማሽን ያለው ጎሚስታ በቅርብ ካለ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው። ማሽን በሌለበት ግን በመዶሻና በብረት ዘንግ ብቻ ለማላቀቅ የሚደረገው ትግል ብዙ ጊዜ በተጣመመ ቸርኬ፣ በተቀደደ ጎማ ወይም በተጎዳ እጅ ይጠናቀቃል። ይህ ጽሑፍ ጎማው ለምን እንደሚጣበቅና በክሪክ፣ በእንጨትና በሳሙና ውኃ ያለ ጉዳት እንዴት እንደሚላቀቅ ያብራራል።

ጎማው የሚጣበቅበት ምክንያት

ከመነዳሪ የሌለው ጎማ፣ በተለምዶ ቲዩብለስ የሚባለው፣ አየሩን የሚይዘው በራሱ አካልና በቸርኬው መካከል ነው። በጎማው በሁለቱም ጎኖች ከቸርኬው ጋር የሚገናኘው ወፍራም ክብ ጠርዝ በውስጡ የብረት ሽቦ ቀለበት አለው። ይህ ቀለበት አይለጠጥም። ጠርዙ በቸርኬው ላይ የሚያርፍበት መቀመጫ ወደ ውጭ በመጠኑ ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ፣ ጎማው ሲነፋ ጠርዙ ወደ ዳር እየተገፋ ይጠብቃል፤ መጨረሻ ላይም የቸርኬውን ከንፈር ይደገፋል። በብዙ ቸርኬዎች ላይ ከመቀመጫው በስተውስጥ ትንሽ ጉብታ አለ። ጉብታው የተሠራው አየር የጎደለው ጎማ በጉዞ ላይ ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት ሲሆን፣ ለአሽከርካሪው ሕይወት የሚጠቅመው ይኸው ጉብታ ለጥገና ሠራተኛው እንቅፋት ይሆናል።

አዲስ ቸርኬ ላይ የተገጠመ አዲስ ጎማ እንኳ አየሩ ከወጣ በኋላ ተጣብቆ ይቀራል። በዚህ ላይ ዝገት ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። ውኃና ጭቃ በጎማውና በቸርኬው ከንፈር መካከል ገብተው ሲቆዩ የብረቱ መቀመጫ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከሥር እያበጠ ጠርዙን የበለጠ ያጠብቀዋል። ማዳበሪያ የሚያጓጉዙ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚንጠባጠበው ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ዝገቱን ያፋጥነዋል። በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሚታየው ቡናማ ዝገት ሳይሆን ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ተመሳሳይ ነው። ቀደም ሲል አየር እንዳያሳልፍ ተብሎ በጠርዙ ላይ ሙጫ ወይም ቀለም የተቀባ ከሆነም መጣበቁ ይበረታል።

ከዚህ አንድ መሠረታዊ ነገር መረዳት ይቻላል። የሽቦው ቀለበት ስለማይለጠጥ፣ ጠርዙ ከመቀመጫው ሳይወርድ በጎማ ማውጫ ብረት ከቸርኬው ከንፈር በላይ ለማውጣት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በመጀመሪያ ጠርዙ ወደ ቸርኬው መሃል መገፋት አለበት። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ከቸርኬው ከንፈር አጠገብ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ፣ ቀስ እያለ የሚጨምርና የማይቋረጥ ጭነት ነው። የመዶሻ ምት ኃይሉ በቅጽበት ስለሚያልፍ አብዛኛውን የጎማው መለጠጥ ይውጠዋል፤ መዶሻውም ተመልሶ ይነጥራል።

ከመጀመር በፊት

ማንኛውም ሥራ የሚጀመረው አየሩን ሙሉ በሙሉ በማስወጣት ነው። ጎማው የተኛ ቢመስልም በውስጡ የቀረ አየር ሊኖር ስለሚችል የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ተፈትቶ መውጣትና እስከ ሥራው ፍጻሜ ውጭ መቆየት አለበት። በ2.5 ባር የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ ወደ 2.5 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። ይህ በጠቅላላው የጎማ ጎን ላይ ሲደመር ከአንድ ቶን በላይ ስለሚሆን፣ የቀረው አየር ጥቂት ቢሆንም ጠርዙን በመቀመጫው ላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ድንገት ሲለቅም ሰው ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው አሠራር የሚያገለግለው አንድ ወጥ ቸርኬ ላላቸው አውቶሞቢሎች፣ ሚኒባሶች፣ ፒክአፖችና ቀላል ተጎታቾች ብቻ ነው። በጭነት መኪናዎች ላይ የሚገኘው፣ ከዳር ተነቃይ የብረት ቀለበት ያለው ቸርኬ ከዚህ ይለያል። ቀለበቱ አየር እያለ ከቦታው ቢወጣ እንደ ጥይት ስለሚወረወር፣ ይህን ዓይነቱን ቸርኬ ልምድና መከላከያ ያለው ባለሙያ ብቻ ሊነካው ይገባል። የትላልቅ አውቶቡሶችና የከባድ መኪናዎች 22.5 ኢንች ቲዩብለስ ጎማዎችም ከአንድ ፒክአፕ ክብደትና ክሪክ በላይ ኃይልና የተለየ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

እሳት በምንም መልኩ አይፈቀድም። ቸርኬውን በብየዳ ወይም በእሳት ማሞቅ በጎማው ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ይህም ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። ቫልቩ ክፍት መሆኑ ብቻውን ከዚህ አደጋ አይጠብቅም።

ሳሙና፣ ውኃና ጊዜ

ተሽከርካሪው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆምና ስኮርታው ይገጠማል፤ የተኛው ጎማም ወርዶ መሬት ላይ በጠፍጣፋው ይተኛል። በጎማውና በቸርኬው ከንፈር መካከል ያለው ክብ ስንጥቅ ከጭቃና ከአሸዋ ይጸዳል። ከዚያም በውኃ የተበጠበጠ ወፍራም የሳሙና ውኃ በዚያ ስንጥቅ ዙሪያውን ይፈስሳል። ጎማው ስለተኛ ውኃው እንደ ቦይ በስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማል። በላዩ ላይ እየዞሩ በእግር መርገጥ የጎማውን ጎን እያጠፈና እየመለሰ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይጨመራል። ክፉኛ የዛገ ከሆነ ደግሞ በዚሁ ሁኔታ ማሳደር ብዙ ድካም ያስቀራል።

በብዙ ቦታ በሳሙና ፈንታ ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ መቅረት ይኖርበታል። የነዳጅ ውጤቶች ጎማውን ያሳብጡታል፣ ያልሙታልም፤ ጉዳቱ የሚያርፈውም አየር መያዝ በሚገባው በጠርዙ ላይ ነው። ቤንዚን ደግሞ የብረት ከብረት ፍንጣሪ ባለበት ሥራ ላይ የእሳት አደጋ ይጨምራል። ተራ የልብስ ሳሙና ሥራውን ይሠራል፤ ከሥራው በኋላም በንጹሕ ውኃ ይታጠባል።

በክሪክና በተሽከርካሪው ክብደት

ኃይሉ የሚገኘው ከተሽከርካሪው ክብደት ነው። የተኛው ጎማ ከሻንሲው ሥር ይገባል፤ ክሪኩ በጎማው ጎን ላይ ይቆምና ጫፉ ሻንሲውን ይገፋል። ክሪኩ ሲረዝም ተሽከርካሪው ወደ ላይ መነሣት ስለማይፈልግ ጫናው በሙሉ በጎማው ጎን ላይ ያርፋል።

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ክሪኩ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ከክሪኩ ሥር የሚገባው ጠንካራ እንጨት፣ ለምሳሌ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አንዱ ጠርዙ ከቸርኬው ከንፈር በአንድ ወይም በሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ መሆን አለበት። ከንፈሩን ከነካ ቸርኬው ይጣመማል። ከ4 ወይም ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ደግሞ የጎማው ጎን ብቻ እየተቀጨመ ይወርዳል እንጂ ጠርዙ አይንቀሳቀስም። የእንጨቱ ጠርዝ የቸርኬውን ክብ ቅርጽ ተከትሎ በመጠኑ ቢጠረብ የተሻለ ነው። የጎማው ጎን እየታጠፈ ጠርዙ ካልተነቃነቀ የመጀመሪያው ጥርጣሬ መሆን ያለበት የክብደት ማነስ ሳይሆን የእንጨቱ ከቸርኬው መራቅ ነው።

ባዶ ፒክአፕ ከኋላ ቀላል ነው፤ ክብደቱ በአብዛኛው በሞተሩ በኩል ስለሆነ ጎማው ከፊት ሻንሲ ሥር ቢገባ ይመረጣል። ክሪኩ ሲረዝም የተሽከርካሪው ጎማ ከመሬት ሊነሣ ከደረሰ ያለው ክብደት ሁሉ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ማንሳት ተሽከርካሪውን ከማንጋደድ በቀር ጥቅም የለውም። በዚህ ጊዜ ክሪኩን ባለበት አቁሞ፣ ሳሙናውን ጨምሮ፣ ጫናው እንዳለ 10 ወይም 15 ደቂቃ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ጎማ ቀስ በቀስ ለቋሚ ጫና ይገዛል።

ጠርዙ ሲላቀቅ የነበረው ጫና በቅጽበት ይጠፋል፤ ክሪኩም ሊጋደም ይችላል። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው መሆን አለበት። ክሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከጎን ቆሞ በረጅም እጄታ ይሠራል፤ ከሻንሲው ሥር የሰው አካል፣ እጅም ቢሆን፣ መግባት የለበትም።

አውቶሞቢል ከመሬት ዝቅ ያለ ስለሆነ የተኛ ጎማና ክሪክ አንድ ላይ ከሥሩ ላይገቡ ይችላሉ። ለዚህ የሚያገለግለው የእንጨት ማንሻ ነው። 3 ሜትር ርዝመትና ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ አንዱ ጫፉ ከከባድ ነገር፣ ለምሳሌ ከቆመ ጭነት መኪና ሻንሲ ሥር፣ ይሰካል። ከጫፉ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ከላይ እንደተገለጸው በቸርኬው ከንፈር አጠገብ በቁሙ የቆመ አጭር እንጨት ግንዱንና ጎማውን ያገናኛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሌላው ጫፍ ላይ ክብደቱን ቢያሳርፍ ጎማው ላይ የሚደርሰው አሥር እጥፉ፣ ማለትም 600 ኪሎ ያህል ነው። ግንዱ ስንጥቅ ወይም የበላው ነቀዝ እንደሌለው አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል።

በአካባቢው አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ሌላው ዘዴ በተኛው ጎማ ላይ በትራክተር ወይም በመኪና መውጣት ነው። የወጣው ጎማ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት የቸርኬውን ከንፈር ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ከንፈር ደግሞ ዳግም አየር አይዝም። ይህ ዘዴ ሊመከር የሚገባው አይደለም።

በአንድ ፒክአፕ ላይ ሥራው ሲከናወን

ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይንቀሳቀስ የቆመና በኅዳር ስንዴ ለመጫን የተፈለገ፣ ባለ 15 ኢንች የብረት ቸርኬ ፒክአፕ በምሳሌነት ቢወሰድ፣ ሥራው የሚሄደው እንደሚከተለው ነው። ጎማው ከቀትር በኋላ ወርዶ፣ የቫልቩ መርፌ ወጥቶ፣ ውጫዊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ሳሙና ይጠጣል፤ ማታ ተገልብጦ ውስጣዊው ጎን በተራው ሳሙና ይዞ ያድራል። ጠዋት ሁለት ሰዎች ይሠሩበታል። ከቫልቩ ፊት ለፊት ባለው ቦታ ላይ እንጨቱና ክሪኩ ይቆማሉ። ክሪኩ እየረዘመ ሲሄድ በመጀመሪያ የጎማው ጎን ይታጠፋል፤ ቀጥሎ የፒክአፑ ሞላ ይለጠጣል፤ ከዚያም ከቸርኬው ሥር እንደ እንጨት ስብራት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ቡናማ የዝገት ውኃም ይወጣል። በጠርዙና በከንፈሩ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሲታይ ያ ቦታ ተላቅቋል።

አንድ ቦታ መላቀቁ ግን ሥራው አበቃ ማለት አይደለም። ክሪኩ ዝቅ ብሎ፣ ጎማው በ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተዛውሮ፣ አዲስ ሳሙና በተከፈተው ክፍተት ተጨምሮ ይደገማል። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ዙሪያው 130 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በአስከፊ ሁኔታ እንኳ ሥራው ስምንት ወይም ዘጠኝ ቦታ ላይ ያበቃል። ብዙውን ጊዜ ግን ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቦታ በኋላ የቀረው በእግር ሲረገጥ ራሱ ይወድቃል። ከዚያ ጎማው ይገለበጥና ወደ ተሽከርካሪው ሆድ የሚዞረው ጎን ይሠራል። ይህ ጎን የበለጠ ጭቃ የሚያገኘው በመሆኑ ከፊተኛው የከበደ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ጠርዞች ከላቀቁ በኋላ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የቸርኬው መሃል ጎድጓዳ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። በአንድ በኩል ጠርዙ በጉልበት ወደዚያ ጉድጓድ ሲገፋ፣ በተቃራኒው በኩል ከከንፈሩ በላይ የሚያወጣ ክፍተት ይገኛል። ጉድጓዱ በአብዛኛው ወደ ቸርኬው ውጫዊ ፊት የቀረበ ስለሆነ ጎማውም በዚያው በኩል ይወጣል። የጎማ ማውጫ ብረቱ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ መያዝ አለበት። ብረቱን ለመጫን ከፍተኛ ኃይል ካስፈለገ በተቃራኒው በኩል ጠርዙ ከጉድጓዱ ወጥቷል ማለት ስለሆነ ተመልሶ መገፋት ይኖርበታል። በግድ ቢጫን የሽቦው ቀለበት ይታጠፋል፤ የታጠፈ ቀለበት ያለው ጎማ ደግሞ ዳግም አይገጠምም።

አዳዲስ ተሽከርካሪዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በስፋት የገቡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቲዩብለስ ጎማ አላቸው፤ ብዙዎቹም ስኮርታ የላቸውም። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የአየር መጠን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ከቫልቩ ጋር ተያይዞ በቸርኬው ውስጥ ይገኛል። ክሪኩ ወይም ማውጫ ብረቱ ከቫልቩ አጠገብ ቢያርፍ ይህ መሣሪያ ይሰበራል። የአሉሚኒየም ቸርኬያቸውም በቀላሉ ስለሚጫርና ስለሚሰነጠቅ እንጨቱና ብረቱ በሚያርፉበት ቦታ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቆዳ ማድረግ ያስፈልጋል። ከተቻለ ግን እነዚህን ጎማዎች ማሽን ወዳለው ጎሚስታ መውሰድ ይመረጣል፤ የአንድ ቸርኬ ዋጋ ከጎሚስታ ክፍያ ጋር አይወዳደርም።

ጎማው ከወጣ በኋላ

የቸርኬው መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ይፈገፈጋል። ጥልቅ የዝገት ጉድጓድ ካለው አየር ስለሚያሳልፍ መለወጥ ይኖርበታል፤ ስስ ዝገት ብቻ ከሆነ ተጠርጎ ስስ የብረት ቀለም ይቀባና በሚገባ ይደርቃል። በሬንጅ ወይም በሙጫ መድፈን ለሚቀጥለው ጊዜ የባሰ መጣበቅን ያስከትላል።

የጎማው ውስጥም ይታያል። የጎማ ፍርፋሪ ከተገኘ ወይም በጎኑ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተጨማደደ መስመር ካለ፣ ጎማው አየር ሳይኖረው ተነድቷል፤ የውስጥ ክሮቹም ተጎድተዋል። እንዲህ ያለው ጎማ ከውጭ ደህና ቢመስልም ለስንዴ ጭነት አይታመንም። የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ በተጻፉት አራት አኃዞች ይታወቃል፤ 3218 የሚል ከሆነ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2018 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

መልሶ ሲገጠም ጠርዞቹ በሳሙና ውኃ ይታሻሉ፤ አየር ሲሞላም ጠርዞቹ በየተራቸው ድምፅ እያሰሙ በመቀመጫቸው ላይ ይቀመጣሉ። ግፊቱ 40 ፒኤስአይ ደርሶ ጠርዙ ካልተቀመጠ ከዚያ በላይ መጨመር አይፈቀድም። አየሩ ይወጣና ሳሙናው ተጨምሮ እንደገና ይሞከራል። በጎማው ጎን፣ ከጠርዙ በላይ ያለው ቀጭን ክብ መስመር ከቸርኬው ከንፈር በሁሉም በኩል እኩል ርቀት ላይ ሲታይ ጠርዙ በትክክል ተቀምጧል። ከዚያ የቫልቩ መርፌ ይመለስና፣ በአምራቹ በተወሰነው መጠን አየር ተሞልቶ፣ ዙሪያው በሳሙና ውኃ ይፈተሻል። አረፋ የሚያወጣ ቦታ ካልተገኘ ጎማው ለሥራ ዝግጁ ነው።